ጣሪያው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሲቀር

«ጋሼ፣ የድርጅታችንን የደመወዝ ስኬል ለሥራ አስኪያጆች በአንድ ገጽ እንዳሳጥር ታዝዣለሁ። 16 ደረጃ አለው፣ ለእያንዳንዱ መነሻ፣ 9 እርከንና ጣሪያ። አራት አራት ደረጃ እየያዝኩ በ4 ባንድ ከፈልኩት። የባንድ 3 ከፍተኛ 18,400 ይላል፣ ወረቀቱ ላይ ግን 19,150 ነው። ሌሎቹ ልክ ናቸው። ምን ሆኖ ነው?»

18,400 የደረጃ 12 እርከን 9 ነው አይደል? ፋይሉን ሳላየው እወራረዳለሁ። ኤክሴል ያንን ጣሪያ የያዘው እንደ ጽሑፍ ነው። MAX ደግሞ ጽሑፍ ሲያገኝ ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ ስህተት እንኳን አይልህም።

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርግ፣ ዋናውን አትንካ። መነሻው C፣ ጣሪያው M ላይ ከሆነና ደረጃ 1 ከረድፍ 5 ከጀመረ፣ `=COUNT(M5:M20)` 16 ማለት አለበት። 15 ካለ ሌባው ተገኘ። ባዶ ኮለም ላይ ይህን ጻፍ፦

```
=VALUE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(M16,CHAR(160),""),",",""))
```

19,150 ካወጣልህ ውጤቱን ኮፒ አድርገህ በኮፒው M16 ላይ በ Paste Values ለጥፈው። `#VALUE!` ካለህ በቁጥሩ መሃል ቁጥር ያልሆነ ነገር ገብቷል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ በዜሮ ቦታ ኦ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ናት፣ ወረቀቱን እያየህ በኮፒው ላይ አርም። በስልክ የተነሳ ወረቀት በነፃ መቀየሪያ ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ የሚያመጣው ጣጣ ነው፣ ስንቱን አይቻለሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማጠቃለያው ላይ 19,150 ብሎ በእጁ ጽፎ የሚገላገል ሰው ነው። ስኬሉ ሲሻሻል ያ ቁጥር እዚያው ተገትሮ ይቀራል፣ ማንም አያየውም።

አሁን እኔ የምወዳት ነገር። ስኬልን እንደ ሕንፃ አስበው። መነሻው ምድር ቤት ነው፣ እርከን 1 አንደኛ ፎቅ። አዲስ ተቀጣሪ የሚገባው ምድር ቤት ነው፣ አንደኛ ፎቅ የሚወጣው ጭማሪ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ «የመግቢያ ደመወዝ» ብለህ እርከን 1ን ከጻፍክ አለቃው ለአዲስ ሰው አንድ ፎቅ በነፃ ይሰጣል። ዘጠኙ ፎቅ አልቆ ደግሞ ጣሪያው ገና አለ፣ ስለዚህ ከታች እስከ ላይ 9 ሳይሆን 10 መውጫ ነው። ጭማሪው በየሁለት ዓመቱ ከሆነ 20 ዓመት ማለት ነው። አንድ ባንድ ደግሞ እንዲህ ያሉ አራት ሕንፃዎች ተደርድረው ነው፦ መግቢያው የአጭሩ ምድር ቤት፣ ከፍተኛው የረጅሙ ጣሪያ። በደረጃ 9 ያለ ሰው የሚወጣው የራሱን ሕንፃ ብቻ ነው፣ ደረጃ ካላደገ 19,150ን አያገኛትም። ይህን ከሠንጠረዡ ሥር በአንድ መስመር ካልጻፍክ፣ ሥራ አስኪያጁ ባንዱን አይቶ ለሠራተኛው ቃል ይገባና ጣጣው አንተ ጋ ይመጣል።

ባንዶቹ ቢደራረቡም አትደንግጥ፣ የባንድ 2 ጣሪያ ከባንድ 3 መነሻ መብለጡ የተለመደ ነው። ለማስተካከል ብለህ ዋናውን ፋይል እንዳትነካ ብቻ። ስኬሉ የጸደቀበትን ቀን ከላይ አድርግና ላክ።