ታክስ ለምትሠሩ ወገኖች፦ ምን ዓይነት መጽሐፍ ያዋጣል?

አሜሪካ ውስጥ ታክስ የሚሠራ ባለሙያ መጽሐፍ ልጻፍ ሲል ቶሎ የሚመጣለት ርዕስ «የአሜሪካ ታክስ በአማርኛ» ነው። ይህን ይተዉት። ገጹ ያብጣል፣ ሕጉ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ገና ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ያረጃል፣ ገዢውም ማን እንደሆነ አይታወቅም። ይልቅስ ለኡበርና ለሊፍት ሹፌሮች ብቻ የሚሆን 90 ገጽ ያህል መመሪያ ይጻፉ። ሹፌሩ ሽፋኑን አይቶ «ይሄ የኔ ነው» ይላል፤ ጥያቄዎቹንም እርስዎ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ሲመልሷቸው የከረሙ ናቸውና ርዕስ ፍለጋ አይደክሙም።

የመጽሐፉ እምብርት አንድ ሹፌር ከወረቀቱ እስከ ክፍያው የሚታይበት ምሳሌ ይሁን። ለምሳሌ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያው የላከለት 1099-ኬ 58,000 ዶላር ይላል። ባንክ የገባለት ግን 42,000 ነው፤ 16,000ውን ኩባንያው በኮሚሽንና በልዩ ልዩ ክፍያ ወስዶታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «እጄ የገባው 42,000 ነው» ብሎ ያንኑ ገቢ አድርጎ ይሞላል። አይአርኤስ ዘንድ ያለው ቁጥር ግን 58,000 ስለሆነ ልዩነቱን የሚጠይቅ ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። ትክክሉ 58,000ውን በስኬጁል ሲ ላይ ገቢ ብሎ መጻፍ፣ 16,000ውን ደግሞ ከወጪው ክፍል ማስገባት ነው።

ከዚያ ማይሉ ይመጣል። ለሥራ 30,000 ማይል ከነዳ፣ የ2025 ተመን በማይል 70 ሳንቲም ስለሆነ 21,000 ዶላር ይቀነስለታል። የተጣራ ትርፉ 21,000 ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ የሚከፈለው የግል ሥራ ታክስ ትርፉ በ92.35 በመቶ ተባዝቶ፣ ከዚያ 15.3 በመቶው ሲወሰድ 2,967 ዶላር ገደማ ነው፤ የገቢ ታክሱ ለብቻው ይሰላል። ማይል ቆጥሮ የቤንዚንና የጎማ ሪሲት መጨመር እንደማይቻል፣ የመንገድ ክፍያ (ቶል) እና ለሥራ ያወጣው ፓርኪንግ ግን እንደሚጨመር በጉልህ ይጻፉ። በዚህ ጉዳይ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል፤ አንዱ የማይገባውን ይቀንሳል፣ ሌላው የሚገባውን ይተዋል።

ረቂቁን ሂሳብ ለማያውቁ አራት አምስት ሹፌሮች ይስጡና የራሳቸውን ወረቀት ይዘው አጠገብዎ ይሥሩበት። አያስረዷቸው፤ ዝም ብለው ይመልከቱ። ወደ እርስዎ ቀና ያሉበት ገጽ ሁሉ እንደገና የሚጻፍ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያቆማቸው ስሌቱ አይደለም፤ የቅጹ ስም በአማርኛ ብቻ ተጽፎ እጃቸው ላይ ካለው እንግሊዝኛ ወረቀት ጋር ማገናኘት ሲያቅታቸው ነው። ስለዚህ የቅጹን ምስል ያስገቡ፣ የመስመሩንም ቁጥር ያመልክቱ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ማተሚያ ቤት በቅጂ 5 ዶላር አስከፈለዎ፣ መሸጫው 20 ዶላር ሆነ፣ የሐበሻ ሱቁ ደግሞ 40 በመቶ ወሰደ እንበል። ለእርስዎ 7 ዶላር ይቀራል፤ መቶ ቅጂ ቢያልቅ 700። በዚህ የሚኖር የለም። ነገር ግን ከመቶው አንባቢ አሥሩ ታክሳቸውን እርስዎ ዘንድ በ250 ዶላር ቢያሠሩ 2,500 ነው፣ ያውም በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ መጽሐፉ እውነተኛ እውቀት ይስጥ፤ ቁልፉን ደብቆ «ቢሮ ይምጡ» የሚል መጽሐፍ ስም ያጠፋል። ሁሉ ነገር ተገልጦለትም ቢሆን ራሱ ከመሙላት ላወቀው ሰው መስጠት የሚመርጥ ሹፌር ሞልቷል።

በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ አያሳትሙ። የማይል ተመኑ በ2024 67 ሳንቲም ነበር፣ በ2025 ወደ 70 ወጣ፤ የተረፈው ቅጂ በዓመቱ የተሳሳተ መጽሐፍ ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱ ሽፋኑ ላይ ይታይ፣ ተለዋዋጭ ቁጥሮችንም አንድ ምዕራፍ ውስጥ ሰብስበው በየዓመቱ ያንን ብቻ ይቀይሩ። ፒዲኤፉ ሲዘጋጅ የግዕዝ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ መካተቱን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታተም ይችላል። አማዞን ላይ ማውጣት ካሰቡም የአማዞን የመጽሐፍ ማሳተሚያ አገልግሎት የሆነው ኬዲፒ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር አስቀድመው ይዩ።

ከደንበኛ ፋይል ምሳሌ አይውሰዱ፣ ስሙን ቀይረውም ቢሆን። ታክስ ሠሪ ለሥራው የተሰጠውን መረጃ ያለ ደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ጉዳይ እንዳያውል የፌዴራል ሕግ (አንቀጽ 7216) ይከለክላል፣ ጥሰቱም ወንጀል ነው። መጽሐፉን ለማስተዋወቅ ከታክስ ፋይል ላይ ስልክ ለቅሞ መልእክት መላክም እዚሁ ውስጥ ሊወድቅ ይችላልና ፈቃዱን አስቀድመው ያስፈርሙ።