የአያት ሲንጀር፣ መርፌዋና መለዋወጫዋ፦ ጥያቄና መልስ

«ከአያቴ የወረስኳት መኪና ጽሑፏ ለቋል። የማን ስሪት እንደሆነች በምን ልወቅ?»

ጽሑፉ ቀለም ስለሆነ ተወው። በስተቀኝ፣ ከመሽከርከሪያው በታች ያለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርገህ አንብበው፤ በብረት ብሩሽ አትፈግፍገው። የታች ክሯንም አሳየን።

«ዋይ ብሎ ሰባት አሃዝ ይከተላል። የታች ክር የሚጠቀለልባት ቦቢን ክብ ሳትሆን ቀጭን ዘንግ ናት።»

አሁን መልስ ይኖረዋል። ዋይ የሲንጀር ክላይድባንክ ፋብሪካ ምልክት ነው፤ ስኮትላንድ፣ እስከ 1935 እ.ኤ.አ.። ከፊደሉ የበለጠ የሚናገረው ግን ዘንጉ ነው። ጥይት በመሰለ ቤት ውስጥ ሆኖ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ የሚመላለስ ከሆነ፣ መኪናዋ ከሲንጀር ሞዴል 27፣ 28፣ 127 ወይም 128 አንዷ ናት። ወለሏን ለካ፤ ወደ 37 ሳንቲሜትር ከሆነ 27 ወይም 127፣ ወደ 31 ከሆነ 28 ወይም 128። ቦቢን መጠቅለያው ከመሽከርከሪያው ጎን ከፍ ብሎ ከተቀመጠ 127 ወይም 128 ናት፤ ዝቅ ካለ አሮጌዎቹ። መወርወሪያውና ዘንጉ ለአራቱም አንድ ነው፤ ስለዚህ ገበያ ስትወጣ ሞዴሉን ከመጥራት አሮጌውን ዘንግ ይዘህ ሂድ።

መርፌዋ 15×1 ነው። ፓኬቱ ላይ 130/705 ኤች ወይም ኤችኤ×1 ቢልም ያው ነው። ጠፍጣፋው ጎን ወደ መወርወሪያው ይዙር፤ ክሩ በረጅሙ ቦይ በኩል ይግባ። ከተገለበጠ የታችኛውን ክር አይዝም።

አንድ ልብስ ሰፊ፦ «ዲቢ×1 የሚባለው መርፌ ርካሽ ነው፣ ይገባል። እኔ ሞክሬዋለሁ።»

መግባቱ እውነት ነው፤ እግሩ ክብና ቀጭን ስለሆነ። ግን ሲታሰር ከመሃል ይሸሻል፣ ዓይኑም ከመወርወሪያው ጫፍ ጋር አይገናኝም። ስፌት ይዘላል፤ ወይም መርፌው ብረቱን ይመታል።

ልብስ ሰፊው፦ «በወፍራም ጨርቅ ላይ አልዘለለብኝም።»

የአንተ መኪና እግሩ ክብ የሆነ መርፌ የምትወስድ የልብስ ሰፊ ሲንጀር ትሆናለች፤ 31ኬ። ቁጥሯን ላክ።

«ውስጧ ቀይ ሜርኩሪ አለ ይባላል፤ ስንት ታወጣለች?»

የለም። በ2009 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ የተናፈሰ ወሬ ነው። ዋጋ አልተምንም።

«ሲንጀር አለችኝ። የትኛው መርፌ ይሆናታል?»

ቁጥሯስ? የታች ክሯስ? ከላይ ያለውን አንብቡ እባካችሁ።

«ቢራቢሮ የሚባለው ስፌት መኪና ላይ የሲንጀር ክብ ቦቢን ይሄዳል?»

የሲንጀር ሞዴል 15 ቦቢን ከሆነ ይሄዳል፤ ሁለት ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። የሞዴል 66 ቦቢን ፊቱ ትንሽ ጎበጥ ያለና ሳሳ ያለ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ይንገዋለላል፣ ክሩም አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ በጣት ግፋው፤ የሚወዛወዘው የ66 ነው። ብሎን ግን ከዚህ ወደዚያ አትለዋውጡ። የሲንጀር ብሎን ጥርስ የራሱ ነው፤ ተራ ብሎን ሁለት ዙር ገብቶ ከጠነከረ በጉልበት አትቀጥሉ፣ የመርፌ ማሰሪያው ጥርስ ይበላል።

ልብስ ሰፊው፦ «ቁጥሩ ላይ ፊደል የለም፣ አሃዝ ብቻ ነው።»

ያኔ ዕድሜዋ ከፍ ያለ ነው። የታች ክሯን ፎቶ አንስተህ ላክ፤ ከዚያ በፊት መርፌ አትግዛ።