አራት እንቁላል በአንድ ድስት

ጥያቄ፦ «የድርጭት፣ የዳክዬና የዝይ እንቁላል ከዶሮው በምን ይለያል? በጣዕምና በስብስ? ስንት ስንት ደቂቃ ነው የሚቀቀሉት?»

እኔ የተማርኩት አበላሽቼ ነው። አንዴ አራቱንም በአንድ ድስት ከትቼ አስር ደቂቃ አፈላኋቸው። የዶሮው ልክ ሆነ። የድርጭቱ ግን ነጩ እንደ ላስቲክ ሆኖ አስኳሉን አረንጓዴ ቀለበት ዞሮታል፤ ብዙ እሳት ያየ እንቁላል ምልክቱ ይህ ነው። የዝይውን ስከፍተው ደግሞ መሃሉ ገና ይፈሳል።

ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው፤ ሙቀቱ እስከ መሃል ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። የዶሮ እንቁላል ከ50 እስከ 60 ግራም ይመዝናል። የድርጭቱ 10 ግራም አካባቢ ስለሆነ አምስቱ አንድ የዶሮ እንቁላል ይተካሉ። የዳክዬው 70 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የዝይው 140 ግራምና ከዚያ በላይ ይሆናል።

አሁን ጠንከር ያለ ቅቅል ስፈልግ በየተራ ነው የምጨምራቸው። ውሃው ሲፈላ መጀመሪያ የዝይውን አስገባለሁ። በ6ኛው ደቂቃ የዳክዬውን፣ በ8ኛው የዶሮውን፣ በ14ኛው የድርጭቱን እጨምርና በ18ኛው ሁሉንም አውጥቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ስለዚህ የዝይው 18፣ የዳክዬው 12፣ የዶሮው 10፣ የድርጭቱ 4 ደቂቃ ያገኛል ማለት ነው። እንቁላሉ ከማቀዝቀዣ በቀጥታ ከወጣ ወይም ከፍታ ቦታ ላይ ከሆናችሁ ትንሽ ጨምሩበት።

በጣዕም የድርጭቱ ለዶሮው በጣም ቅርብ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብበላው የምለየው አይመስለኝም። የዳክዬው ግን ወዲያው ይታወቃል። አስኳሉ ከነጩ አንጻር ትልቅ ስለሆነ ወፍራምና ቅቤ ቅቤ የሚል ነው። የዝይውም እንደዚያው ነው፤ ግን ለብቻው ሲበላ ቶሎ ያጠግባል። (ወፏ የበላችው ነገርም ጣዕሙን ይቀይረዋል፤ አንድ ጊዜ ቀምሳችሁ አትፍረዱ።)

ስቡን በፍሬ ካነጻጸራችሁት ትሳሳታላችሁ። የዝይው አንዱ 19 ግራም ገደማ ስብ ሲኖረው የዶሮው 5 ግራም ነው፤ አራት እጥፍ ይመስላል። በ100 ግራም ስታሰሉት ግን የዶሮው 10፣ የድርጭቱ 11፣ የዳክዬውና የዝይው 13 ግራም ገደማ ነው።

ለኬክ የዳክዬውን የምመርጠው በዚህ ስብ ምክንያት ነው። አራት የዶሮ እንቁላል በሚል አሠራር ሦስት የዳክዬ ይበቃል፤ አራት ብትከቱ ሊጡ ይቀጥናል። ለጥብስ ግን እሳቱን ቀንሱ። የዳክዬ ነጭ ውሃው አነስ ያለ ስለሆነ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይደርቅና ማኘክ ያስቸግራል።

የዝይውን ቅርፊት በድስት ጠርዝ ለመስበር አትሞክሩ፤ በጣም ጠንካራ ነው። በቢላ ጀርባ መታ መታ አድርጉና መጀመሪያ ሌላ ሳህን ላይ አፍስሱት።