ፈረሱና ጋሪው፦ እኩልና ተቃራኒ ኃይሎች ለምን አይጣፉም?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለግሩፑ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፈረሱ ጋሪውን የሚስብበትና ጋሪው ፈረሱን ወደኋላ የሚስብበት ኃይል እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ለምን አይጣፉም? ጋሪውስ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ‹የተለያዩ አካላት ላይ ስለሚያርፉ ነው› ተብዬ ነበር፤ አልገባኝም።»

ወንድሜ፣ ያልገባህ የተሰጠህ መልስ ግማሽ ስለሆነ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከማስታወሻ ወደ ማስታወሻ እየተገለበጠች ትዞራለች። ስህተት የለባትም፤ ግን ብቻዋን አንድም ጥያቄ አታሠራም። ቁጥር እናስገባበት።

1. የማንን እንቅስቃሴ እንደምታሰላ አስቀድመህ ወስን። ፈረሱ 300 ኪሎ፣ ጋሪው ከነጭነቱ 500 ኪሎ ይሁን። የመንገዱና የጎማው ፍትጊያ ጋሪውን በ200 ኒውተን ወደኋላ ይይዘዋል። ፈረሱ በኮቴው መሬቱን በ600 ኒውተን ወደኋላ ይገፋል፤ መሬቱም ፈረሱን በዚያው 600 ወደፊት ይገፋዋል። ፈረሱ ጋሪውን የሚስበው በ450 ኒውተን ነው። ይህ 450 ከየት እንደመጣ ቆይቼ አሳይሃለሁ፤ ለጊዜው ያዘው።

2. ጋሪውን ለብቻው አውጥተህ ሣልና እሱ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ብቻ ጻፍ። ወደፊት 450፣ ወደኋላ 200፤ የሚተርፈው 250 ወደፊት ነው። 250ን ለ500 ኪሎ ስታካፍል አክስለሬሽኑ 0.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል። ጋሪው ፈረሱን ወደኋላ የሚስብበት 450ስ? እሱ ያረፈው ፈረሱ ላይ ነው፤ በጋሪው ሒሳብ ውስጥ ቦታ የለውም። አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጋሪው የሚያደርገውን ኃይል ጋሪው ላይ ይሥለዋል፤ ከዚያ ድምሩ ዜሮ ይመጣና የኒውተን ሦስተኛ ሕግ የተሳሳተ ይመስለዋል።

3. ፈረሱንም እንዲሁ ለብቻው ሣል። መሬቱ በ600 ወደፊት፣ ጋሪው በ450 ወደኋላ። 150 ይተርፋል፤ ለ300 ኪሎ ሲካፈል አሁንም 0.5። ሁለቱ በአንድ ገመድ ስለታሠሩ አክስለሬሽናቸው አንድ መሆን አለበት፣ ሆኗልም። ካልሆነልህ አንዱ ሥዕል ላይ የማይገባ ቀስት አለ ማለት ነው።

«አይጣፉም» የሚለውንም ቃል በቃል እንዳትይዘው፤ ማስታወሻዎቹ የሚዘሉት ይህንን ነው። በቴሌብር 450 ብር ብትልክልኝ ካንተ ሒሳብ ላይ 450 ይቀነሳል፣ የእኔ ላይ 450 ይጨመራል። ቁጥሮቹ እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ «ተጣፍቷል፣ ምንም ብር አልወጣብኝም» አትልም። የሁለታችንን ሒሳብ አንድ ላይ ከደመርነው ግን ድምሩ ንቅንቅ አላለም። ኃይሎቹም እንዲሁ ናቸው። ፈረሱንና ጋሪውን እንደ አንድ 800 ኪሎ አካል ከወሰድክ ሁለቱ 450ዎች በእርግጥ ይጣፋሉ፤ እንዲያውም ልትጽፋቸው አያስፈልግም። የሚቀሩት ከውጭ የሚመጡት ብቻ ናቸው፦ 600 ወደፊት፣ 200 ወደኋላ። 400ን ለ800 ስታካፍል 0.5 ታገኛለህ። ያ 450ም የመጣው ከዚህ ነው፦ 500 ኪሎውን በ0.5 ለማፍጠን 250 ያስፈልጋል፣ ፍትጊያውን ለማሸነፍ 200፤ ድምሩ 450። ስለዚህ ፈተና ላይ የተጠየቀው አክስለሬሽን ብቻ ከሆነ ሁለቱን እንደ አንድ አካል ውሰዳቸው፤ ገመዱ ላይ ያለው ኃይል ከተጠየቀ ግን የግድ ለያይተህ ሣል።

ጋሪው መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን የሚወስነው እንግዲህ በፈረሱና በጋሪው መካከል ያለው ጥንድ አይደለም፤ የመሬቱ ግፊት ነው። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ኮቴው ሳይንሸራተት መስጠት የሚችለው 150 ኒውተን ብቻ ነው እንበል፤ ጋሪውን ከቆመበት ለማስነሳት ደግሞ ቢያንስ 200 ይጠይቃል። ፈረሱ ጋሪውን በ150 ይስባል፣ ጋሪው ፈረሱን በ150 ይስባል፣ ማንም አይነቃነቅም። ደረቅ መንገድ ላይ እያፈጠኑ ሲሄዱ ሁለቱም 450 ነበሩ። በማይለወጥ ፍጥነት ሲሄዱ ሁለቱም 200 ይሆናሉ፣ መሬቱም ፈረሱን የሚገፋው በ200 ብቻ ነው። በሦስቱም ሁኔታ ጥንዱ እኩል ነው። «ጋሪው የሚሄደው ፈረሱ ጋሪው ከሚስበው በላይ ስለሚስበው ነው» የሚል ምርጫ ካየህ፣ ምንም ያህል የሚጥም ቢሆን፣ አትንካው። ኒውተን ራሱ ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመበት ጊዜ የሰጠው ምሳሌ በገመድ የታሠረ ድንጋይ የሚጎትት ፈረስ ነበር፤ ፈረሱም በእኩል መጠን ወደ ድንጋዩ እንደሚሳብ ጽፏል።

እስካሁን ገመዱን ማስ እንደሌለው ቆጥረነዋል። ከ500 ኪሎው ውስጥ 10 ኪሎው የማሠሪያው ቢሆን ከፈረሱ በኩል ያለው ጫፍ 450 እንደሆነ ይቀራል፤ ከጋሪው በኩል ያለው ግን 445 ይሆናል፣ ምክንያቱም ማሠሪያውን ራሱን ለማፍጠን 5 ኒውተን ያስፈልጋል። ይህ ሕጉን አይጥስም። ፈረሱና ማሠሪያው አንድ ጥንድ፣ ማሠሪያውና ጋሪው ሌላ ጥንድ ናቸው፤ በየጥንዱ ውስጥ እኩልነቱ እንዳለ ነው። የገመዱ ሁለት ጫፎች ግን እርስ በርስ ጥንድ ስላልሆኑ እኩል የመሆን ግዴታ የለባቸውም።

ጥንድ ለመለየት አጭሩ ዘዴ ኃይሉን በሙሉ ስሙ መጥራት ነው፦ «ፈረሱ ጋሪውን የሚስብበት»። ጥንዱን ለማግኘት ሁለቱን ስሞች ብቻ አቀያይር፣ ግሡን አትንካ፦ «ጋሪው ፈረሱን የሚስብበት»። በዚህ ዘዴ የጠረጴዛውን ጥያቄ ሞክረው፤ ከጋሪው ይልቅ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። 2 ኪሎ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የስበት አክስለሬሽኑን 10 ብንወስድ ክብደቱ 20 ኒውተን፣ ጠረጴዛው ወደላይ የሚገፋበት ኖርማል ፎርስም 20 ነው። እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ ብዙዎች «አክሽንና ሪአክሽን» ብለው ያከብባሉ። አይደሉም። ሁለቱም ያረፉት አንድ መጽሐፍ ላይ ነው፣ በእርግጥም ይጣፋሉ፣ መጽሐፉም ቆሟል። የክብደቱ ሙሉ ስም «ምድር መጽሐፉን የምትስብበት» ስለሆነ ጥንዱ «መጽሐፉ ምድርን የሚስብበት» ነው፤ እሱም 20 ኒውተን ወደላይ፣ ምድር ላይ ያረፈ። ምድር ወደ 6 × 10^24 ኪሎ ገደማ ስለምትሆን እንቅስቃሴዋን ልትለካው አትችልም። «ጠረጴዛው መጽሐፉን የሚገፋበት» ጥንዱ ደግሞ «መጽሐፉ ጠረጴዛውን የሚገፋበት» ነው።

ማረጋገጫ ካስፈለገህ ጠረጴዛውን ሊፍት ውስጥ አስገባው። ሊፍቱ በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ወደላይ ሲፈጥን ኖርማል ፎርሱ 24 ይሆናል፤ ክብደቱ ግን 20 እንደሆነ ነው። ጥንድ ቢሆኑ ኖሮ ሊለያዩ አይችሉም ነበር። መጽሐፉ ጠረጴዛውን ወደታች የሚገፋበት ግን በዚያው ቅጽበት እሱም 24 ሆኗል።