ቻቱን ካጠፋሁት ፎቶውም ጠፋ? (ጥያቄና መልስ)

የልጄን የልደት ፎቶ ካርቱን የሚያደርግ የቴሌግራም ቦት አገኘሁ። ስጨርስ ቻቱን ባጠፋው ይበቃል?

አይበቃም፣ እህቴ። አንቺ የምታጠፊው ቻቱን ነው። ቦቱ ግን ፎቶውን ወደ ባለቤቱ ሰርቨር አውርዶ ጨርሷል። ብዙዎቹ ቦቶች ደግሞ ምስሉን ራሳቸው አይሠሩትም፣ ለሌላ ድርጅት ያሻግሩታል። እዚያ ማን እንደሚያየው አንቺም እኔም አናውቅም።

ባለፈው አንዲት ደንበኛ ልትልከው ያለችውን ፎቶ አሳየችኝ። ልጁ ዩኒፎርም ለብሷል፣ ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ይነበባል፣ ከኋላው የግቢው በር ቁጥር አለ። ከፎቶው ጋር የጻፈችው ደግሞ የልጁን ስምና «5ኛ ዓመት ልደት» የሚል ነው። ፊት፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤት፤ ሁሉንም በአንድ መልእክት! በዚያ ላይ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላ «ፋይል» አድርጋ ልትልከው ነበር። እንደዚያ ሲላክ ስልኩ ፎቶው ውስጥ የመዘገበው የጂፒኤስ ቦታም ካለ አብሮ ይሄዳል።

የልጆቼ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሞልቷል እኮ። አሁን ምን ልደብቅ ነው?

ግማሹ እውነት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሂውማን ራይትስ ዎች LAION-5B በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ የምስል ስብስብ ውስጥ የብራዚል ሕፃናትን ፎቶ አግኝቷል፤ ወላጆቻቸው ኢንተርኔት ላይ የለጠፉትም ነበረበት። ግን የቀድሞው ወጥቷል ብለህ አዲሱን፣ ጥርት ያለውን፣ ፊት ለፊት የተነሳውን ለምን ትጨምርላቸዋለህ? የብልግና ምስል ላይ ፊት የሚለጥፉ ሰዎች የሚፈልጉት እንዲህ ዓይነቱን ነው።

እኔ ልጅ የለኝም። የሟች አባቴን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም ላስገባበት ነው፤ እኔንም ይመለከተኛል?

ከአባትህ ጎን የቆሙት በሕይወት ካሉ አዎ። እነሱን ቆርጠህ አውጣቸው፣ ወንድም እህቶችህንም አማክር። ከዚያ ያለፈው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እኔ አልፈርድም።

እሺ፣ ታዲያ ምን ልጠቀም?

ፎቶ ሳትልኪ፣ ከጽሑፍ ምስል በሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቃል ገልጸሽ አሠሪ፦ «ሹሩባ የተሠራች፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች የአምስት ዓመት ልጅ፣ ከድፎ ዳቦ አጠገብ» ብትዪ ይበቃል። ቁርጥ ልጅሽን አትመስልም፣ ለመጥሪያ ካርድ ግን ታምራለች። የግድ የራሷ ፊት ካስፈለገ GIMP የሚባል ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተርሽ ላይ ጫኚ። Filters > Artistic > Cartoon ስትዪው ፎቶውን የትም ሳይልክ ይሠራዋል። ውጤቱ ሻካራ ነው፣ እንደ ቦቱ አትጠብቂ።

የስልክ አፕ ከሆነ ዋይፋይና ዳታ አጥፍተሽ ሞክሪው። እምቢ ካለ ፎቶውን የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ከሠራም መቶ በመቶ አትመኚው፤ ኔት ሲያገኝ ሊልክ ይችላል።

እኔ ልኬ ጨርሻለሁ። ማስጠፋት መብቴ አይደለም?

በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ይጠፋልኝ ማለት ትችላለህ። የታወቀ ድርጅት ከሆነ ጻፍለት። የቦቱ ባለቤት ግን ከተጠቃሚ ስሙ በቀር ምንም የሌለው ሰው ከሆነ፣ ማመልከቻውን ለማን እንደምንሰጥ እኔም መልስ የለኝም።