30 ሰው ይበቃል ያለህ ማነው?

«ሰላም ጓዶች። ጅማ ነው የምማረው። በአንድ ቀበሌ ካሉ 400 ቡና አምራች አባወራዎች ስንቱ ቡናውን አልጋ ላይ እንደሚያደርቅ በመጠይቅ ላጠና ነው። ጓደኞቼ 30 ሰው ከሞላ በቂ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ በዚህ 30 የሚሉት ነገር እኔም ጉድ ሆኛለሁና ትንሽ ላስረዝምብህ ነው።

የመመረቂያ ጥናቴን ከጅማ ብዙም በማይርቅ ወረዳ ነው የሠራሁት። ልክ 30 ገበሬ ጠየቅሁ። የመጨረሻውን መጠይቅ ስዘጋ «ተገላገልኩ» ብዬ ማኪያቶ አዘዝኩ። ከ30ው ውስጥ 12ቱ አልጋ ላይ እናደርቃለን ብለው ነበር። እኔም 40 በመቶ ብዬ በድፍረት ጻፍኩ። ጥናቱን ሳቀርብ አንዱ ፈታኝ የስህተት ህዳጉን ጠየቁኝ። አላሰላሁትም። እዚያው በስልካቸው አሰሉት፤ ወደ 18 ነጥብ መጣ። «እንግዲህ እውነተኛው ቁጥር ከ22 እስከ 58 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። ታዲያ አልጋ የሚጠቀመው ከሩብ በታች ነው ወይስ ከግማሽ በላይ?» አሉኝ። ምን ልበል? ላብ ብቻ።

30 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ብትል፣ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ስሌቱ የሚሠራው ከመጽሐፍ ጀርባ በታተመ ሰንጠረዥ ነበር። ናሙናው ትንሽ ሲሆን የቲ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። 30 አካባቢ ሲደርስ የቲ ቁጥር 2.045 ይሆናል፤ የኖርማሉ 1.96 ነው። ልዩነቱ ስለጠበበ «ከዚህ በኋላ በኖርማሉ ሥሩ» ተባለ። 30 የመለሰው የትኛውን ሰንጠረዥ ልጠቀም የሚለውን ነው። ውጤቴ ምን ያህል ይታመናል ለሚለው መልስ የለውም።

«አማካዩ ከ30 በኋላ ኖርማል ይሆናል» የሚሉም አሉ። እሱም እንደ ዳታው ነው። የደረቀ ቡና እርጥበት ብትለካ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ 10 ናሙናም ብዙ ይነግርሃል። ምርት ላይ ግን ሌላ ነው። የኔን 30 ገበሬዎች አንድ ዓመት ስንት ኩንታል ጀንፈል እንዳገኙ ጠይቄያቸው ነበር። የ29ኙ አማካይ 4 ኩንታል ነው። ሠላሳኛው ሰውዬ ብቻውን 64 አስገባ። አማካዩ ወደ 6 ዘለለ። አንድ ሰው! እሱን ባልጠይቀው ኖሮ ሪፖርቴ ሌላ ይሆን ነበር። እንዲህ ወደ አንድ ጎን የተንሻፈፈ ዳታ ላይ 100 ሰውም ሊያንስ ይችላል። ካላመንከኝ ትልቁን ቁጥር አውጥተህ አማካዩን ድጋሚ አስላ። ብዙ ከተንቀሳቀሰ ናሙናህ አልበቃም ማለት ነው።

ሌላው ጥፋቴ የባሰ ነበር። የልማት ሠራተኛው በሞተር እያዞረኝ ከሦስት መንደር አሥር አሥር ጎረቤታሞች ጠየቅሁ። ጎረቤት ደግሞ አንዱ አልጋ ከሠራ ሌላውም አይቶ ይሠራል። ስለዚህ አሥሩ መልስ እንደ አሥር የተለያየ መልስ አይቆጠርም። የመንደር ሰዎች መመሳሰል ከ0 እስከ 1 ባለው ሚዛን 0.2 ነው ብንል፣ ከአሥሩ አንዱን ቀንሰን 1 + 9 × 0.2 ሲሰላ 2.8 ይመጣል። 30ን ለ2.8 አካፍለው፤ ወደ 11 ሰው ይወርዳል። እኔ 30 ሰው ጠየቅሁ ብዬ ነበር የምኩራራው።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። መጀመሪያ ምን ያህል ስህተት እንደምትችል ወስን። ፐርሰንት ስለምትፈልግ ቀመሩ ይኸው፦

```
n = 1.96² × p(1 − p) / e²
```

n የምትጠይቀው ሰው ብዛት፣ p አልጋ የሚጠቀሙት ድርሻ ነው። p አታውቀውም፣ ስለዚህ 0.5 አድርገው፤ ትልቁን ናሙና የሚሰጥህ እሱ ነው። e የምትችለው ስህተት ነው፤ 10 ነጥብ ይሁን፣ ማለትም 0.1። መልሱ 97 ነው። 5 ነጥብ ብትል 385 ይሆናል። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናው አራት እጥፍ ያድጋል፤ እዚህ ጋ ነው ኪስ የሚያለቅሰው። ያንተ ቀበሌ ግን 400 አባወራ ብቻ ስለሆነ 97ን ለ1 + 96/400 ታካፍላለህ። 79 ይመጣል። ቤቱ የማይገኝና እምቢ የሚል 10 በመቶ ብትጠብቅ 88 ሰው መዝግብ። ይህ ስሌት የሚሠራው ከቀበሌው የስም ዝርዝር ዕጣ አውጥተህ ከመረጥክ ነው። እንደኔ መንገድ ዳር ያለውን ቤት ካንኳኳህ አይሠራም። አልጋ በሚጠቀሙና በማይጠቀሙ መካከል ምርት ላወዳድር ካልክ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ቁጥሩም ይጨምራል።

88ቱን ከመጀመርህ በፊት መጠይቁን ዕጣ ባልደረሳቸው አሥር ሰዎች ላይ ሞክረው። በተለይ «ስንት ኬሻ አገኘህ?» የሚል ጥያቄ ካለህ። የአንዱ ኬሻ ከሌላው ኬሻ እኩል አይመዝንም፣ እኔ ያወቅሁት ዳታውን ካስገባሁ በኋላ ነው።