ሳዴ ሳቲ መቼ ገባ፣ መቼ ይወጣል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «የኔና የእናቴ ስም ተቆጥሮ ኮከብህ ደለዊ ነው ተብያለሁ። አሁን ደግሞ ደለዊዎች ሳዴ ሳቲ ላይ ናቸው ሲባል ሰማሁ። እኔንም ይመለከተኛል?»

መልስ፦ በስም ቆጠራ አይታወቅም። ያ አቆጣጠር የፊደላቱን ቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል እንጂ ሰማዩን አያይም። የህንዶቹ ሳዴ ሳቲ ደግሞ የሚነሳው እርስዎ ሲወለዱ ጨረቃ ከነበረችበት ኮከብ ነው። ሻኒ የሚሏት ሳተርን ከዚያ ኮከብ ቀድሞ ወዳለው ስትገባ ይጀምራል፤ የጨረቃውን ኮከብ አቋርጣ፣ ቀጥሎ ካለው ስትወጣ ያበቃል። በእያንዳንዱ 2 ዓመት ተኩል ያህል ስለምትቆይ በጠቅላላው 7 ዓመት ተኩል ይሆናል።

የጨረቃ ኮከብዎን ከምዕራባውያን ድረ ገጽ ካገኙም ቸኩለው አይመኑት። እነሱ የሚለኩት በፀደይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ ካለችበት ነጥብ ነው፤ ህንዶች ደግሞ ከቋሚ ከዋክብት። ልዩነቱ ዛሬ 24 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። አንድ ኮከብ 30 ዲግሪ በመሆኑ ለብዙ ሰው ውጤቱ አንድ ኮከብ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለምሳሌ በምዕራቡ ስሌት ሑት 10 ዲግሪ ላይ ያለች ጨረቃ በህንዱ ደለዊ 16 አካባቢ ናት። 23 ወይም 24 ዲግሪ ላይ ከሆነች ግን በግምት አይቀንሱ፤ በኮከብ ማስያ ፕሮግራም ላይ የህንዶቹን ስሌት የሚሰጠውን «ላሂሪ» የሚለውን ምርጫ አብርተው ከመጀመሪያው ያስሉ።

ጥያቄ፦ «የተወለድኩት በ1985 ዓ.ም. ጥቅምት 12 ለ13 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ምን ብዬ ልሙላ?»

መልስ፦ 23 ኦክቶበር 1992፣ 02:00፣ UTC+3 ብለው ይሙሉ። የኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 8 ሰዓትን 08:00 ብለው ቢያስገቡ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ስለምትሄድ ከ3 ዲግሪ በላይ ትፈናቀላለች። ከዚህ የሚብሰው የቀኑ ስህተት ነው። ጥቅምት 12 እርግጥ 22 ኦክቶበር ነው፤ ነገር ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑ ተቀይሯል። 22 ብለው ቢሞሉ አንድ ሙሉ ቀን፣ ማለትም የኮከቡን ግማሽ የሚጠጋ ርቀት ይስታሉ።

ሰዓቱን እናትም በትክክል ካላስታወሱ፣ ሊሆን ይችላል የሚሉትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት ለየብቻ ያስሉ። ጨረቃ አንድ ኮከብ ላይ ከሁለት ቀን በላይ ስለምትቆይ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣሉ። ለሳዴ ሳቲ ይህ በቂ ነው። ሁለት የተለያየ ኮከብ ከወጣ ግን ማንም አዋቂ ቁርጥ ያለ ቀን ሊነግርዎ አይችልም፤ ከነገረዎትም አይቀበሉት።

ጥያቄ፦ «ጨረቃዬ በህንዱ ስሌት ደለዊ ናት። አንዱ በ2027 ይወጣልሻል ይለኛል፣ ሌላው በ2028። ማንን ልመን?»

መልስ፦ የመጨረሻው መውጫ 2028 ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ሳተርን ወደ ኋላ መመለሷን ዘንግቷል። በእርስዎ ሁኔታ እንየው፤ ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሳተርን ጀዲ የገባችው ጃንዋሪ 24 ቀን 2020 ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ያኔ ተጀመረ። ኤፕሪል 29 ቀን 2022 ደለዊ ገባች፣ ጁላይ 12 ወደ ጀዲ ተመለሰች፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2023 ደለዊ ላይ ረጋች። ማርች 29 ቀን 2025 ሑት ስትገባ ሦስተኛው ምዕራፍ ሆነ። ጁን 3 ቀን 2027 ወደ ሐመል ትወጣለች፤ ኦክቶበር 20 ግን ወደ ሑት ትመለሳለች፤ ለቃ የምትሄደው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2028 ነው። ሲደመር ስምንት ዓመት ያልፋል። በ2027 ከጁን እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ «አለፈልኝ» ብለው ሊያደርጉ ያሰቡት ትልቅ ውሳኔ ካለ ባህሉ እስከ 2028 ያቆየዋል።

ጥያቄ፦ «ጊዜው በሙሉ መከራ ነው?»

መልስ፦ ባህሉ ራሱ እንዲህ አይልም። ጥንቁቅ አዋቂ አሽታካቫርጋ የሚባለውን ሰንጠረዥ ያወጣል። እዚያ ለሳተርን እያንዳንዱ ኮከብ ከ0 እስከ 8 ነጥብ አለው። የአሥራ ሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 39 ስለሆነ አማካዩ ከ3 ትንሽ ያልፋል። 4ና ከዚያ በላይ ያለበት ምዕራፍ ቀለል ይላል ተብሎ ይታመናል፤ 1 ወይም 2 ያለበት ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ የሦስቱን ኮከቦች ነጥብ ሳያይ «ሰባት ዓመት ተኩል ትቀጣለህ» የሚል ሰው ሥራውን አልሠራም።

ጥያቄ፦ «ሰማያዊ ሰንፔር ቀለበት ግዢ ተብያለሁ። ልግዛ?»

መልስ፦ ሳዴ ሳቲ ላይ ስለሆኑ ብቻ አይግዙ። በባህሉ ይህ ዕንቁ የሳተርንን ኃይል ያበረታል እንጂ አያበርድም፤ ስለዚህ የሚታዘዘው ሳተርን በጎ ለሆነችለት ሰው፣ ለምሳሌ በመወለጃው ሰዓት በምሥራቅ የወጣው ኮከብ ሰውር ወይም ሚዛን ለሆነ ነው። ለሌላው የተለመደው ቅዳሜ ማታ የሰሊጥ ዘይት መብራት ማብራትና ጥቁር ሰሊጥ ለችግረኛ መስጠት ነው። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ውድ ዕንቁውን የሚያዝዝዎትና የሚሸጥልዎት አንድ ሰው ከሆኑ ደግሞ ሌላ አዋቂ ያማክሩ።